ጊቭ አፕ እና ሉክ ኢንቱ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለምን የራሳቸው ፍቺ ተሰጣቸው?

«ሰላም። ጊቭ መስጠት ነው፣ አፕ ወደ ላይ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ 'መተው' የሚሆኑት በየት በኩል ነው? ሉክም ማየት ነው፤ ኢንቱ ሲከተለው ማጣራት፣ አፕ ሲከተለው ደግሞ መዝገበ ቃላት ላይ መፈለግ ይሆናል። መዝገበ ቃላቱ ግሱን አንዴ ፈትቶ ለምን አይበቃውም? ለእያንዳንዷ ትንሽ ቃል ሌላ ፍቺ፣ ያውም በቁጥር የተከፋፈለ፣ ምን ያደርጋል? እኔስ ከቁጥሮቹ መሃል ትክክለኛውን እንዴት ልለይ?»

መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንድ ጥምረት የራሱ ፍቺ ይገባው እንደሆነ ሲወስኑ ሁለት ነገር ይመዝናሉ። የመጀመሪያው፣ ግሱን ለብቻው፣ ትንሿንም ቃል ለብቻዋ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ደምሮ ትርጉሙ ላይ መድረስ ይችል እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ትንሿ ቃል ስትመጣ የግሱ ጠባይ ተለውጦ እንደሆነ ነው፤ ማለትም ተሳቢ ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም፣ ተሳቢው የት ይቀመጣል፣ ከኋላው ምን ዓይነት ቃል ይመጣል የሚለው። «ዎክ ኢንቱ ዘ ሩም» የሚለውን ብንወስድ ዎክ መራመድ፣ ኢንቱ ወደ ውስጥ ነው፤ ሲደመር ወደ ክፍሉ መግባት ይሆናል። እዚህ ላይ ለብቻው የሚፈታ ነገር የለም፤ ሁለቱን ቃላት በየቦታቸው ያነበበ ሰው በራሱ ይደርስበታል። ጊቭ አፕ ግን በሁለቱም ሚዛን ይወድቃል። መስጠትና ወደ ላይ ተደምረው መተው አይሆኑም። ደግሞም ጊቭ ብቻውን ሲሆን የሚሰጠውን ነገርና ብዙ ጊዜም ተቀባዩን ይፈልጋል፤ ጊቭ አፕ ግን «አይ ጊቭ አፕ» ብሎ ያለ ተሳቢና ያለ ተቀባይ ይቆማል። ትርጉሙም ጠባዩም ከተለወጠ መዝገበ ቃላቱ እንደ አንድ ቃል ቆጥሮ ከመፍታት ሌላ ምርጫ የለውም። ግሱን ተከትላ የምትመጣዋን ትንሽ ቃል ከዚህ በኋላ ፓርቲክል እላታለሁ።

ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሰጠ የሚለውን የራሳችንን ግስ ይውሰዱ። እጅ ሰጠ ሲባል ተማረከ፣ ፊት ሰጠ ሲባል አቀማጠለ፣ ጆሮ ሰጠ ሲባል አዳመጠ፣ ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን ሰጠ ሲባል ያየውንና የሚያውቀውን ተናገረ ማለት ነው። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው ፊትንም መስጠትንም አሳምሮ ቢያውቅ «ልጁን ፊት ሰጡት» የሚለውን ሰምቶ ማቀማጠል ላይ አይደርስም። ስለዚህ ደህና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሰጠ ሥር እነዚህን አንድ በአንድ ይፈታል። ልዩነቱ እኛ ከግሱ በፊት ያለውን ስም ስንቀያይር እንግሊዝኛ ከግሱ በኋላ ያለችውን ፓርቲክል መቀያየሩ ነው። ስም ለዓይንም ለጆሮም ይጎላል፤ ፓርቲክል ግን አጭር ናት፣ አንዳንዴም ከግሱ ብዙ ቃላት ርቃ ትቀመጣለች። አንባቢ ሳያያት የሚያልፈውም ለዚህ ነው።

አሁን «በየት በኩል» ወዳሉት ልምጣ፤ መንገዱ ይታወቃልና። በእንግሊዝ አገር በፒተርቦሮ ገዳም ይጻፍ የነበረ ዜና መዋዕል አለ፤ የመጨረሻው የዘገባ ዓመት እ.ኤ.አ. 1154 ነው። በ1137 ሥር በሰፈረው ታሪክ ውስጥ ንጉሥ ስቲቨን የሶልዝበሪውን ጳጳስ ሮጀርን፣ የሊንከኑን ጳጳስ አሌክሳንደርንና ዘመዳቸው የሆነውን የቤተ መንግሥቱን ቻንስለር ኦክስፎርድ ላይ ይዞ ግንቦቻቸውን እስኪያስረክቡ ድረስ እንዳሰራቸው ይናገራል። «እስኪያስረክቡ» ለሚለው ጸሐፊው የተጠቀመው የዛሬው ጊቭ አፕ የመጣበትን ጥምረት ነው፤ ጊቭ በዚያ ዘመን አነጋገር፣ ቀጥሎም አፕ። እንግዲህ በዚህ ጥንታዊ አጠቃቀም መስጠቱ እውነተኛ መስጠት ነው። ግንብ አለ፣ ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። አፕ የጨመረችው ወደ ላይ የሚለውን አቅጣጫ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ፣ እጅ ላይ ምንም ሳይቀር የሚለውን ነው። ግንቡን ለእንግዳ ማደሪያ መስጠትና ግንቡን ማስረከብ የተለያዩት በዚህች ቃል ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ተሳቢው እየተለወጠ መሄዱ ነው። ከግንብ ወደ መብት፣ ወደ ሥልጣን፣ ወደ መቀመጫ ሄደ። አውቶቡስ ውስጥ ለአዛውንት መቀመጫ መልቀቅ ዛሬም ጊቭ አፕ ነው፤ ተቀባዩም አሁንም አለ። ቀጥሎ ተሳቢው ልማድ ሆነ፤ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ቡና። እዚህ ላይ ተቀባዩ ጠፋ። ሲጋራውን የተወ ሰው ለማንም አላስረከበውም፤ የቀረው ከእጁ መውጣቱ ብቻ ነው። ከዚያ ተሳቢው ራሱ የሚታገሉለት ነገር ሆነ፤ ሙከራው፣ ተስፋው። ይህ በጣም ስለተለመደም መናገር ሳያስፈልግ ቀረና ጊቭ አፕ ያለ ተሳቢ ቆመ። እንግሊዞች እንቆቅልሽ ሲጠይቁ መልሱ የጠፋውን ሰው «ዱ ዩ ጊቭ አፕ?» ይሉታል። እኛ ደግሞ «አገር ስጠኝ» እንለዋለን። ተሸናፊው አንድ ነገር ያስረክባል፤ እነሱ ምን እንደሚያስረክብ መናገር ተዉ፣ እኛ አገሩን በስም እናስጠራዋለን።

ስለዚህ በቁጥር የተከፋፈሉት ፍቺዎች ከአንድ መነሻ የወጡ ናቸው፤ ግን ዛሬ የሚናገረው ሰው መነሻውን አያስታውስም፣ እያንዳንዱም የራሱን ሕግ ይዟል። ፍቺውን ለብቻው መቁጠር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ከመጽሐፍ መጽሐፍ ቢለያይ አይደንግጡ። የቋንቋውን ታሪክ የሚከተል መዝገበ ቃላት ማስረከብን አስቀድሞ መተውን ያስከትላል፤ ለተማሪ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ በብዛት የሚሠራበትን፣ መሞከር ማቆም የሚለውን፣ ከላይ ያስቀምጣል።

የራሱን ሕግ ይዟል ያልኩት በተግባር ምን እንደሆነ ላሳይ። በማስረከብ ፍቺው ተቀባዩ በቱ ይመጣል፤ «ሺ ጌቭ አፕ ኸር ሲት ቱ አን ኦልድ ማን» ማለት መቀመጫዋን ለአንድ ሽማግሌ ለቀቀች ነው። በመተው ፍቺው ተቀባይ ስለሌለ ቱ ቦታ የላትም፤ ግስ ከተከተለ መጨረሻው ላይ አይኤንጂ ይዞ ይመጣል። «ሂ ጌቭ አፕ ስሞኪንግ» ትክክል ነው፤ «ሂ ጌቭ አፕ ቱ ስሞክ» ስህተት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ስህተት የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። እኛ «ማጨስ ተወ» ስንል ማጨስ የሚለውን ንዑስ አንቀጽ እንጠቀማለን፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ማጨስ ማለት ቱ ስሞክ ነው ተብለን ተምረናል። ስለዚህ እጃችን ቱ ስሞክ ብሎ ይጽፋል። መዝገበ ቃላቱ ያንን ፍቺ ለብቻው አድርጎ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ካላስቀመጠ ይህን ማስጠንቀቅ አይችልም ነበር።

ሌላም አለ። የኛ መተው ከእንግሊዝኛው ጊቭ አፕ ይሰፋል። ሁለት ልጆች ሲጣሉ አንዱን «ተወው» እንለዋለን፤ ሒሳብ ለመክፈል እጁን ወደ ኪሱ ለሰደደ ጓደኛም «ተወው፣ እኔ እከፍላለሁ» እንላለን። ይህ ጊቭ አፕ አይደለም። ጊቭ አፕ ቀድሞ የያዙት ነገር እንዲኖር ይጠይቃል፤ ልማድ፣ መብት፣ ሥራ፣ ሙከራ። ያልያዙትን አያስረክቡም፤ የግንቡ ጠባይ እስከ ዛሬ የቀረው እዚህ ላይ ነው። ለሁለቱ ልጆች የሚስማማው ሊቭ የሚለው ግስ ነው። በአንድ የአማርኛ ቃል የሸመደደ ሰው ጊቭ አፕን የማይሆን ቦታ ላይ የሚያስገባው ይህን ሳያይ ነው።

እንዲህ ከሆነ ፓርቲክሏን አንዴ ፈትቶ ለምን አይገላገሉም የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ከፊሉ እውነት አለው። አፕ ከብዙ ግሶች ጋር «ሙሉ በሙሉ፣ እስኪያልቅ» የሚል ትርጉም ትጨምራለች። ኢት አፕ ሳያስቀሩ መብላት፣ ድሪንክ አፕ ጭልጥ አድርጎ መጠጣት፣ ዩዝ አፕ ተጠቅሞ መጨረስ ነው። እነዚህን አንባቢ ከግሱና ከአፕ ሊደርስባቸው ይችላል፤ ብዙ መዝገበ ቃላትም አፕ በሚለው ቃል ሥር ይህን ትርጉም ጽፈው ምሳሌ ይሰጣሉ። ጊቭ አፕ ላይ ግን ይህ ዕውቀት ግማሽ መንገድ ያደርስዎታል እንጂ ቤት አያስገባም። «ሙሉ በሙሉ መስጠት» ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወደ ሲጋራ መተውና ወደ ተስፋ መቁረጥ የሚወስደው እርምጃ በቋንቋው ታሪክ ውስጥ የሆነ እንጂ ከቃላቱ የሚወጣ አይደለም። ፓርቲክሏን ማወቅ ትርጉሙን ካወቁ በኋላ ለማስታወስ ይረዳል። ሳያውቁት ለመገመት ቢተማመኑባት ታሳስትዎታለች።

ምን ያህል እንደምታሳስት ለማየት ግሱን ሳንነካ ፓርቲክሏን ብቻ እንቀይር። ጊቭ ኢን የሌላ ሰው ግፊት በርትቶ እሺ ማለት ነው፤ ልጅ ሲያለቅስ ወላጅ ከረሜላውን ከገዛለት ወላጁ ጊቭ ኢን አደረገ እንጂ ጊቭ አፕ አላደረገም። ጊቭ አፕ የራስን ጥረት ማቆም ነው፤ ሌላ ሰው መጫን የለበትም። ጊቭ አውት ተሳቢ ካለው ማደል ነው፣ ለምሳሌ ወረቀት ለተማሪዎች። ተሳቢ ከሌለው ደግሞ ከድካም ወይም ከእርጅና ብዛት መክዳት ነው፤ ዳገት የወጣ ሰው እግሩ ከዳው ሲባል «ሂዝ ሌግስ ጌቭ አውት»። ጊቭ አዌይ በነጻ መስጠት፣ ወይም ሳያስቡት ምስጢር ማውጣት ነው። ጊቭ ኦፍ ሽታ፣ ሙቀት ወይም ብርሃን ማውጣት ነው፤ ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ነገር እንጂ ሰው አይደለም። ግሱ አንድ ነው፤ ግን በመጨረሻው ላይ ያለውን ፍቺ ይዞ ወደ መጀመሪያው መሄድ አይቻልም።

ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ ይህንኑ ለይቶ አንስቶታል። ግሱን በምትከተል ቃል ትርጉሙን መለወጥ በእንግሊዝኛ ምናልባት ከማንኛውም ቋንቋ ይልቅ እንደሚበዛ፣ የውጭ አገር ሰዎችን በጣም የሚያስቸግረውም ይህ እንደሆነ ጽፎ ምሳሌ ደረደረ፤ ከምሳሌዎቹ አንዱ ጊቭ ኦቨር ነው፣ ማቆም በሚል ትርጉም። እነዚህን ጥምረቶች በትጋት መልቀም እንደሚያስፈልግ የታየው በዚያን ጊዜ ነው ማለት ነው።

ሉክ ኢንቱ የተለየ ነገር ያስተምራል። ትርጉሙ ከጊቭ አፕ ይልቅ ለመገመት ይቀላል፤ ወደ አንድ ነገር ውስጥ ማየት፣ ከዚያም ጉዳዩን ገብቶ መመርመር። የሚያስቸግረው ጠባዩ ነው። ጎረቤቱ ሉክ አፕ አጠገቡ ስለሚቀመጥ ሁለቱ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ በውስጣቸው ግን አይመሳሰሉም።

በሉክ ኢንቱ ውስጥ ኢንቱ መስተዋድድ ናት፤ የምትያያዘው ከኋላዋ ካለው ስም ጋር ነው። በሉክ አፕ ውስጥ አፕ ተውሳከ ግስ ናት፤ የምትያያዘው ከፊቷ ካለው ግስ ጋር ነው። ይህን የሚለየው ፈተና ተሳቢውን በተውላጠ ስም መተካት ነው። «ሉክ ኢንቱ ዘ ማተር» ያለ ሰው ማተርን በኢት ሲተካ «ሉክ ኢንቱ ኢት» ይላል፤ «ሉክ ኢት ኢንቱ» አይባልም። «ሉክ አፕ ዘ ዎርድ» ያለ ሰው ግን «ሉክ ኢት አፕ» ይላል፤ ቃል መፈለጉን ለማለት «ሉክ አፕ ኢት» ስህተት ነው። መስተዋድድ ከስሟ አትለይም፤ ተውሳከ ግስ ግን ለአጭር ተውላጠ ስም መንገድ ትለቃለች።

ፈተናው ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ያስተያዩ። «ሂ ሉክት አፕ ዘ ስቴርስ» ማለት በደረጃው በኩል ሽቅብ ተመለከተ ነው። «ሂ ሉክት አፕ ዘ ዎርድ» ማለት ቃሉን መዝገበ ቃላት ላይ ፈለገ ነው። በጽሑፍ ቅርጻቸው አንድ ነው። በተውላጠ ስም ሲተኩ ግን የመጀመሪያው «ሉክት አፕ ዜም»፣ ሁለተኛው «ሉክት ኢት አፕ» ይሆናል። በመጀመሪያው አፕ መስተዋድድ ናት፣ ትርጉሙም ከቃላቱ ስለሚወጣ መዝገበ ቃላት ለብቻው አይፈታውም። በሁለተኛው አፕ ተውሳከ ግስ ናት፣ ትርጉሙም ከቃላቱ ስለማይወጣ የራሱን ቦታ ያገኛል። ፊደሉ አንድ ሆኖ መዝገበ ቃላቱ አንዱን ብቻ የሚያስገባበት ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው መለያ በጆሮ ነው። ተውሳከ ግስ የሆነች ፓርቲክል ትጎላለች፤ «ሉክ ኢት አፕ» ሲባል ድምፁ የሚወድቀው አፕ ላይ ነው። መስተዋድድ የሆነችው ግን ትለሰልሳለች፤ «ዊ አር ሉኪንግ ኢንቱ ኢት» ሲባል የሚጎላው ሉክ ነው። ስልክ ላይ የሚያነጋግርዎ ሰው የተናገረውን በትክክል ያልሰሙ ሲመስልዎ ጉልበቱ የት እንደወደቀ ያስታውሱ። ሦስተኛ መለያም አለ፤ በመሃል ተውሳከ ግስ ማስገባት። «ሉክ ኬርፉሊ ኢንቱ ዘ ማተር» ይባላል፤ «ሉክ ኬርፉሊ አፕ ዘ ዎርድ» አይባልም።

መዝገበ ቃላቱ ይህን ሁሉ በጥቂት ምልክት ያሳጥረዋል፤ አብዛኛው ተጠቃሚ ግን ምልክቱን ዘሎ ወደ ፍቺው ይሄዳል። sth የሚለው አሕጽሮት ነገርን፣ sb የሚለው ሰውን ይወክላል። sth ከፓርቲክሏ በኋላ ብቻ ከተቀመጠ እንደ ሉክ ኢንቱ የማይከፈል ነው ማለት ነው። በግሱና በፓርቲክሏ መሃል ከተቀመጠ መለያየት ይቻላል። አንዳንዶቹ መሃል ላይ በሁለቱም በኩል ጫፍ ያለው ቀስት፣ ↔፣ ያደርጋሉ፤ ተሳቢው ከፓርቲክሏ በፊትም በኋላም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ምንም ካልተጻፈ ተሳቢ አይፈልግም። የጉልበት ምልክት የሚያስቀምጡም አሉ፤ ከፍ ብላ የተሰመረች ትንሽ ጭረት ከፓርቲክሏ በፊት ካለች ተውሳከ ግስ ናት፣ ከግሱ በፊት ካለች ፓርቲክሏ አብዛኛውን ጊዜ መስተዋድድ ናት።

ስለ ሉክ ኢንቱ ሳልናገረው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ተሳቢው ጉዳይ ነው፤ አቤቱታ፣ ችግር፣ ምክንያት፣ አማራጭ። ሰውን ማጣራት ሲሆን ግሱን በቀጥታ ወደ ሰውየው ከማዞር ይልቅ «የሰውየውን ታሪክ» ወይም «የሰውየውን ሥራ» ብሎ ጉዳይ ማድረግ ይሻላል። ደግሞም ቃሉ ምርመራን ብቻ ነው የሚናገረው። መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ «ዊ ዊል ሉክ ኢንቱ ኢት» ብሎ ሲጽፍልዎ እንመለከተዋለን፣ እናጣራለን ማለቱ ነው፤ እናስተካክለዋለን አላለም። ተርጓሚ «እንፈታዋለን» ብሎ ከጻፈው ያልተገባ ቃል በሌላ ሰው አፍ አስገብቷል።

አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘን ትክክለኛውን ቁጥር እንፈልግ። «ሂ ጌቭ ዘ ፍላት ሂ ሀድ ሬንትድ አፕ» የሚል ያገኙ ይበሉ። ግሱ ጌቭ ነው፣ የጊቭ ያለፈ ጊዜ። መጀመሪያ ጊቭን በመነሻ ቅርጹ ይፈልጉ፤ በጌቭ ከፈለጉ ወደ ጊቭ ይመራዎታል ወይም ምንም አያገኙም። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ያንብቡና ብቻዋን የቆመች ትንሽ ቃል ይፈልጉ። እዚህ አፕ መጨረሻ ላይ ቆማለች፣ ከኋላዋ ስም የላትም። ከኋላዋ ስም የሌላት ፓርቲክል ከፊቷ ካለ ግስ ጋር ናት። ግን ከየትኛው? ከፊቷ ሬንትድ አለ፣ ሩቅ ላይ ጌቭ አለ። «ዘ ፍላት ሂ ሀድ ሬንትድ» የሚለው «ተከራይቶት የነበረው ቤት» የሚል አንድ ተሳቢ ነው፤ ይህን አንስተው ኢት ቢተኩ «ሂ ጌቭ ኢት አፕ» ይቀራል። ጥምረቱ ጊቭ አፕ ነው። በነገራችን ላይ ጥሩ ጸሐፊ እንዲህ ረዥም ተሳቢ ሲኖረው ፓርቲክሏን ወደ ግሱ ያስጠጋና «ሂ ጌቭ አፕ ዘ ፍላት ሂ ሀድ ሬንትድ» ብሎ ይጽፋል፤ እርስዎም ሲጽፉ ይህን ይከተሉ።

ጊቭ የሚለው ገጽ ላይ ፍሬዛል ቨርብ የሚባሉት እነዚህ የግስና የፓርቲክል ጥምረቶች አብዛኛውን ጊዜ ከግሱ ፍቺዎችና ከፈሊጦቹ በኋላ በፓርቲክሏ ፊደል ተራ ይደረደራሉ፤ አፕ በፊደል ተራ መጨረሻ አካባቢ ናትና ታች ይውረዱ። አንዳንድ መዝገበ ቃላት ጊቭ አፕን ራሱን እንደ ዋና ቃል በተለየ ገጽ ያስቀምጡታል፤ እንደዚያ ሲሆን ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ጽፈው መፈለግ ይበቃል። ከዚያ በፍቺዎቹ መሃል የሚለይልዎ ተሳቢው ነው። ተሳቢ የሌላቸውን ፍቺዎች ይዝለሉ፣ ምክንያቱም እዚህ ፍላት አለ። ተሳቢው ሰው ወይም ራስ የሆኑትንም ይዝለሉ። የሚቀሩት ልማድን መተውና የያዙትን መልቀቅ ናቸው። ፍላት ልማድ አይደለም፤ ባለቤት ሊረከበው የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ ትርጉሙ የተከራየውን ቤት ለቀቀ ነው። በመጨረሻ ምሳሌ ዓረፍተ ነገሩን ያንብቡና የተሳቢው ዓይነት ከእርስዎ ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ፤ ቤት፣ መቀመጫ፣ መብት ካለበት ደርሰዋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ጥምረቱ ሁለት ፓርቲክል ሲኖረው ነው። አንደኛዋን አግኝቶ ፍለጋውን ያቆማል። ሉክ አፕ ቱ ማክበር፣ ሉክ ዳውን ኦን መናቅ፣ ሉክ ፎርዋርድ ቱ በጉጉት መጠበቅ ነው፤ በመጨረሻው ውስጥ ያለችው ቱ መስተዋድድ ስለሆነች ከኋላዋ ግስ ሲመጣ አሁንም አይኤንጂ ይይዛል። በደብዳቤ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» እንዲህ የሆነው ለዚህ ነው። ሁለተኛዋን ፓርቲክል መዝለል ትርጉሙን ምን ያህል እንደሚያዛባ ጊቭ አፕ ኦን ያሳያል። «አይ ጌቭ አፕ ኦን ማይ ብራዘር» ማለት ወንድሜ ይሻሻላል ብዬ የነበረኝን ተስፋ ቆረጥኩ ነው። ኦን ከጠፋችና «አይ ጌቭ አፕ ማይ ብራዘር» ከሆነ ግን፣ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ወንድምዎን ለፖሊስ አሳልፈው የሰጡት ወይም እስከ ወዲያኛው የተለዩት አድርጎ ሊሰማው ይችላል። መዝገበ ቃላቱ ጊቭ አፕ ኦንን በራሱ መስመር የሚፈታው ይህን ለመለየት ነው፤ ስለዚህ አንደኛዋን ፓርቲክል ካገኙ በኋላ ቀጥላ የቆመችውን ቃል ሳያዩ ገጹን አይዝጉ።